ይቅርታ የሚጠይቀው ደብዳቤ ሰዓቱን ድጋሚ እንዳይሳሳት

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ለጥምቀት የመጣች የውጭ አገር እንግዳ ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና «በ10 ሰዓት» እንዲቀርብላት ለእንግዳ መቀበያ ተናግራ ነበር። ሠራተኛዋ እንደሰማችው «10 ሰዓት» ብላ መዘገበች፤ ሾፌሩ ደግሞ የከሰዓቱ መሰለው። እንግዳዋ ጠዋት እስከ 5 ሰዓት ከሩብ ጠብቃ በራሷ ታክሲ ብትሄድም የ6 ሰዓት ተኩሉ በረራ አመለጣት። ተመልሳ አንድ ሌሊት አደረች፤ አስከፈልናት። አሁን በእንግሊዝኛ ቅሬታ ጽፋ ግልባጩን ለጉዞ ወኪሏና ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ልካለች። ባለቤቱ በሁለቱም ቋንቋ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍ ብለውኛል። በአማርኛ ጽፌ አስተረጎምኩት፤ እንግሊዝኛው ግን ደስ አላለኝም። ረቂቁን አያይዣለሁ። ምኑን ላርም?

መልስ፦ የረቂቅዎ ሁለተኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በቀን 13/05/2018 በ4 ሰዓት መምጣት የነበረበት ተሽከርካሪ በ10 ሰዓት በመምጣቱ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ጎንደር ለተቀመጠ አንባቢ ምንም እንከን የለበትም። ተርጓሚው ግን ቃላቱን ወደ እንግሊዝኛ አሻግሮ ቁጥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው። እንግዳዋ ስታነበው 13/05/2018 ማለት በእሷ አቆጣጠር የሜይ ወር 13ኛ ቀን፣ ያውም ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ወደ ኋላ ነው። «4 ሰዓት» የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም። «በ10 ሰዓት መጣ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ እሷ ያዘዘችው በ10 ሰዓት ነውና «መኪናው በሰዓቱ መጥቶልሻል» ብላችሁ የጻፋችሁላት ይመስላታል። በሰዓት አቆጣጠር የተበደለችን ሰው በዚያው ስሕተት ይቅርታ ሊጠይቋት ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ በስሜት ብቻ አያበቃም። እንግዳዋ የጉዞ ኢንሹራንስ ካላት፣ ስላመለጣት በረራ ካሳ ስትጠይቅ የእናንተን ደብዳቤ ከማመልከቻዋ ጋር ልታያይዘው ትችላለች። ጎንደርን የማያውቅ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ የሌላ ዓመት ቀንና መኪናው በሰዓቱ መድረሱን ካነበበ ጥያቄዋን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። ያኔ የሚደርስዎት ሁለተኛ ቅሬታ ነው።

ስለዚህ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው መተርጎሙን ይተዉት። አንድ ባዶ ወረቀት ለሁለት ከፍለው የሆነውን ብቻ፣ በግራ በኩል በእኛ አቆጣጠር፣ በቀኝ በኩል በእሷ አቆጣጠር ይጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤዎች የሚቀዱት ከዚህ ወረቀት ነው እንጂ አንዱ ከሌላው አይደለም። በእርስዎ ጉዳይ ቀኑ በግራ ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በቀኝ ረቡዕ ጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ይሆናል። እንግሊዝኛው ላይ ወሩን በቁጥር አይጻፉ፤ 5/2/2026 ለእንግሊዛዊ ፌብሩዋሪ 5፣ ለአሜሪካዊ ሜይ 2 ነው። የሳምንቱን ቀን መጨመርም ይበጃል፤ ረቡዕ በሁለቱም አቆጣጠር ረቡዕ ስለሆነ ቀኑ ሲመነዘር ስሕተት ቢገባ ወዲያው ያስታውቃል።

ሰዓቶቹ አራት ናቸው። መኪናው የታዘዘው ለጠዋት 4 ሰዓት፣ በእሷ 10:00 ነው። እንግዳዋ ጠብቃ ተስፋ የቆረጠችው 5 ሰዓት ከ15፣ በእሷ 11:15 ነው። በረራው ቀን 6 ሰዓት ከ30፣ በእሷ 12:30 ነው። መኪናው በስሕተት የተመደበው ከሰዓት 10 ሰዓት፣ በእሷ 16:00 ነው። በቀኙ ረድፍ የ24 ሰዓት አጻጻፍ ተጠቀምን፤ ምክንያቱም 12:30 ላይ «ኤኤም» ወይስ «ፒኤም» ይባል የሚለው እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበትንም ያደናግራል። በግራው ረድፍ ደግሞ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ከሰዓት»፣ «ሌሊት» የሚለው ቃል ከቁጥሩ አይለይ። እግረ መንገድዎን፣ ወደፊት የሌሊት ጉዳይ ሲገጥምዎት የበለጠ ይጠንቀቁ፤ «ረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ረቡዕ መሽቶ ያለውን ሌሊት ነው፤ ለእንግዳው ግን ያ ሐሙስ 2:00 ነው። እዚያ ላይ የሚቀየረው ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ይቅርታው እንምጣ። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለው ሐረግ በመሥሪያ ቤት አማርኛ ስለተለመደ ክፋቱ አይታየንም። መጉላላቱን ማን ፈጠረው? ሐረጉ አይናገርም፤ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው «ሶሪ ፎር ኤኒ ኢንኮንቪኒየንስ» ብሎታል። እዚያ ውስጥ ያለችው «ኤኒ» የባሰች ናት፤ «ምናልባት ተጉላልተው ከሆነ» እንደማለት ናትና መጉላላቷን ራሱ ትጠራጠራለች። አማርኛ ግሱ ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም ለመክተት የተመቸ ቋንቋ ስለሆነ «ስላጉላላንዎት» ይበሉ፤ አንድ ቃል ሁሉንም ይናገራል። በእንግሊዝኛው አድራጊው ራሱን ችሎ መነገር አለበት፦ «ዊ አፖሎጃይዝ» ብሎ ጀምሮ ይቅርታ የተጠየቀበትን ነገር በስሙ መጥራት፤ መኪናውን አለመላካችሁን፣ በረራው እንዲያመልጣት ማድረጋችሁን። «ሶሪ» ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ጥሩ ቃል ነው፤ ማኅተም በሚያርፍበት ደብዳቤ ላይ ግን ቀለል ይላል።

ቅሬታዋ ላይ «ሠራተኛችሁ ኖ ፕሮብሌም አለችኝ» ብላ መጻፏን አይተናል። ሠራተኛዋ «ችግር የለም» ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ማጽናኛ ነው፣ «አይዞሽ እናስተካክለዋለን» እንደማለት። በእንግሊዝኛ ግን ይህን ማለት የሚያምርበት ተበዳዩ ነው። በዳይ ሲናገረው «ምን ችግር አለው?» ይመስላል። ደብዳቤው ላይ ስለዚህ ማብራሪያ አይጻፉ፤ ልጅቷን ለብቻ ጠርቶ መንገር ይበቃል።

ማብራሪያን ካነሣን፣ ረቂቅዎ ላይ «እንደሚታወቀው በአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው…» ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ ስድስት መስመር ነው። ሙሉ በሙሉ ያውጡት። እውነት ቢሆንም አቀማመጡ «የአገሩን ልማድ ሳታጣሪ መጣሽ» የሚል ወቀሳ ያደርገዋል። የውጭ እንግዳን መኪና በየትኛው አቆጣጠር እንደታዘዘ ማጣራት የሆቴሉ ሥራ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። ሾፌሩንም ሆነ የመቀበያ ሠራተኛዋን በደብዳቤው አይጥቀሱ። «በጥፋተኛው ላይ አስፈላጊውን እርምጃ ወስደናል» የሚለው ለቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ደስ ሊል ይችል ይሆናል፤ እንግዳዋን ግን የሰው እንጀራ ላይ የቆመች እንዲመስላት ያደርጋል። ከዚያ ይልቅ አሠራሩ ምን ላይ እንደተለወጠ ይንገሯት።

ለውጡም ያለ መሆን አለበት። የመኪና ማዘዣ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የበረራው ሰዓት ይሁን፤ የሚቀዳውም ከቲኬቱ ነው፣ ምክንያቱም ቲኬት ላይ ያለው ሁልጊዜ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል። 12:30 ለሚነሣ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ 10:30 አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ፣ ለመንገዱ ግማሽ ሰዓት፣ ስለዚህ መኪናው ከሆቴሉ በር 10:00። ከጎኑ ባለው ዓምድ ስድስት ተቀንሶ «ጠዋት 4 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍና ሾፌሩ ይፈርምበት። «ጠዋት 4 ሰዓት» በሚለው ላይ የፈረመ ሾፌር ለከሰዓት 10 ሰዓት መኪና አይመድብም፤ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል።

ገንዘቡ ላይ ረቂቅዎ «የአንድ ሌሊት የክፍል ዋጋ 6,000 ብር እንመልሳለን» ይላል። እንግዳዋ እጅ ያለው ደረሰኝ ግን 7,590 ብር ነው፤ 6,000 የክፍሉ፣ 600 የ10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በሁለቱ ድምር ላይ ደግሞ 990 ብር የ15 በመቶ ቫት። 6,000 ብር ቢመለስላት የቀረውን 1,590 ብር ይቅርታ እየጠየቃችሁ የያዛችሁባት ይመስላታል። ስለዚህ ከደረሰኙ በታች ያለውን የመጨረሻ ድምር ይጻፉ፤ የቫቱን ማስተካከያ ሒሳብ ክፍሉ በራሱ መንገድ ይጨርሰው። ለታክሲ ያወጣችው 1,200 ብር ለክፍሉ በከፈለችበት ካርድ በኩል አብሮ የሚሄድ አይመስለንም፤ በካርድ የሚመለስ ገንዘብ በአብዛኛው መጀመሪያ ከተከፈለው መብለጥ አይችልም። በጉዞ ወኪሏ በኩል ቢከፈላት ይቀላል፤ ወኪሉ ፈቃደኛ መሆኑን ግን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በስልክ ያረጋግጡ። የሚመለሰውን በብር ይጻፉ እንጂ በዶላር ቁርጥ አድርገው አይጻፉ፤ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን በከፈለችበትና በሚመለስላት ቀን መካከል ልዩነት ይኖራል። ይህንንም አስቀድሞ መንገር ነው።

የቲኬት ቅያሪውን በተመለከተ ባለቤቱ ገና አልወሰኑም ብለዋል። ያልተወሰነውን «እናያለን» ብለው አያለሳልሱት፤ ደረሰኙን እንድትልክ ጠይቀው መልስ የምትሰጡበትን ቀን ቁርጥ አድርገው ይጻፉ። ይህ ሁሉ ሲገባ አማርኛው እንዲህ ይሆናል፦

> ቁጥር፦ ……
> ቀን፦ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለክብርት ሚዝ ……
>
> ጉዳዩ፦ መኪና ባለማቅረባችን ስላመለጠዎት በረራ ይቅርታ ስለመጠየቅ
>
> ረቡዕ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት 4 ሰዓት (በእርስዎ አቆጣጠር 10:00) ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስድዎት መኪና እንድናቀርብ አስቀድመው ነግረውን ነበር። እኛ ግን አላቀረብንም። እስከ 5 ሰዓት ከ15 (11:15) ጠብቀው በራስዎ ወጪ በታክሲ ቢሄዱም የቀን 6 ሰዓት ከ30 (12:30) በረራዎ አመለጠዎት። ስላጉላላንዎትና በረራዎ እንዲያመልጥዎት ስላደረግን ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> ትዕዛዝዎን ስንመዘግብ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባለመጻፋችን መኪናው ለከሰዓት 10 ሰዓት (16:00) ተመደበ። ስሕተቱ የእኛ ነው። በእኛ ስሕተት ላደሩበት ሌሊት ማስከፈላችንም ተገቢ አልነበረም።
>
> ለዚያ ሌሊት የከፈሉትን 7,590 ብር በሙሉ በከፈሉበት ካርድ እንመልሳለን፤ ጥያቄውን ዛሬ ለባንካችን አቅርበናል። በምንዛሪ ለውጥ ምክንያት በእርስዎ ገንዘብ ሲታሰብ መጠኑ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። የታክሲውን 1,200 ብር በጉዞ ወኪልዎ በኩል እንከፍላለን። ቲኬትዎን ለመቀየር የከፈሉበትን ደረሰኝ ቢልኩልን እስከ ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ውሳኔያችንን እናሳውቅዎታለን።
>
> ከጥር 15 ቀን ጀምሮ የእንግዶቻችንን መኪና የምንመድበው ቲኬታቸው ላይ ያለውን የበረራ ሰዓት አይተን፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መዝግበን ነው።
>
> ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ በቀጥታ በዚህ ስልክና ኢሜይል ሊያገኙኝ ይችላሉ፦ ……
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ፊርማ፣ ስም፣ ኃላፊነት፣ ማኅተም)

ከረቂቅዎ ውስጥ ሳይገቡ የቀሩትን ልብ ይበሉ። «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ርዕሱ እዚያው ከላይ ስላለ ምንም አይጨምርም። «ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ደግሞ ከእጅ ልማድ የመጣ ነው፤ የበደሏትን እንግዳ ምን እንድትተባበር ፈልገው ነው? «በድጋሚ መጥተው እንዲጎበኙን» የሚለውንም ለዚህ ደብዳቤ አንመርጠውም፤ ገንዘቡ እጇ ከገባ በኋላ በሌላ መልእክት ቢሄድ ያምርበታል።

እንግሊዝኛው እነዚህኑ አንቀጾች በዚሁ ቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል፤ በሦስት ቦታ ብቻ ይለያል። አንደኛው ሰዓቱ ነው፤ የእሷን ቁጥር ብቻ ይጻፉ፣ የእኛን አቆጣጠር በቅንፍ እንኳ አያስገቡ። አማርኛው ላይ ሁለቱንም የጻፍነው ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ከእንግሊዝኛ ቅሬታዋ ጋር ሲያመሳክር 4 እና 10 እንዳይጋጩበት ነው። ቀኖቹም እንደዚሁ፤ ደብዳቤው ጃንዋሪ 26፣ የአሠራር ለውጡ ጃንዋሪ 23፣ የመልሱ ቀነ ገደብ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2026 ይሆናሉ። ሁለተኛው አጠራር ነው። እኛ «ወ/ሮ አልማዝ» ስንል በራሷ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ የማዕረግ ቃል የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው። ከመመዝገቢያ ቅጹ ላይ የትኛው የቤተሰብ ስሟ እንደሆነ ለይተው፣ ፊደሉን እንደ ፓስፖርቷ አድርገው ይጻፉ። ማዕረጉ «ሚዝ» ይሁን፤ ያገባችም ያላገባችም የምትጠራበት ስለሆነ መገመት አያስፈልግም። ሦስተኛው «እኔ» እና «እኛ» ነው። አማርኛው ከአንዲት መስመር በቀር በ«እኛ» ቢሄድ ክብር አይጎድልበትም። እንግሊዝኛው ግን መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን ይቅርታው ላይም አንድ ጊዜ በ«እኔ» ቢነገር የሚፈርመው ሰው ይታያል።

ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ማድረግ ያምራል፤ ግን ማኅተሙ የአንዱን ጽሑፍ ይሸፍናል፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግም ግማሹ ይቆረጣል። በሁለት የተለያየ ወረቀት፣ በአንድ የወጪ ቁጥርና በአንድ ቀን ያውጧቸው፤ ሁለቱም ላይ ይፈረም፣ ቲተርና ማኅተም ይረፍ። ለእሷ ሲላክ እንግሊዝኛው ከላይ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሲላክ አማርኛው ከላይ ይሁን። ግልባጭ የሚደረገው እሷ ራሷ ቅሬታውን ላሳወቀቻቸው ለሁለቱ ብቻ ነው፤ የፓስፖርት ቁጥሯም ሆነ የክፍል ቁጥሯ ደብዳቤው ውስጥ አይግባ።

ወርድ ፋይሉን እንዳለ አይላኩ። ጸሐፊዎ በፓወር ግዕዝ የምትጽፍ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ሊከፈት ይችላል። የተፈረመውንና ማኅተም ያረፈበትን ስካን አድርገው በፒዲኤፍ ይላኩ። ደብዳቤው ተጠናቆ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ከወሰደ፣ ቅሬታዋ እንደደረሳችሁና እስከ መቼ ሙሉ መልስ እንደምትሰጡ የሚገልጽ የሁለት መስመር ኢሜይል ዛሬውኑ ይሂድላት።

ማኅተሙ ከማረፉ በፊት እንግሊዝኛውን ብቻ ነገሩን ለማያውቅ አንድ የሒሳብ ክፍል ወይም የምግብ ቤት ሠራተኛ ይስጡት። አንብቦ ሲጨርስ መኪናው ስንት ሰዓት ላይ መቅረብ እንደነበረበት፣ በስንት ሰዓት እንደተመደበ፣ ስንት ብር በምን መንገድ እንደሚመለስ ይንገርዎት። መልሱን ለሁለት ከከፈሉት ወረቀት ቀኝ ረድፍ ጋር ያመሳክሩ፤ አንዱ እንኳ ካልገጠመ የሚታረመው ደብዳቤው ነው።